እሁድ 11 ሰዓት ሲሆን ሆዴን ባር ባር ይለዋል

«ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የምኖረው ቀበና ከእናቴ ጋር ነው። ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ስለምንሠራ ያለችኝ ቀን እሁድ ብቻ ናት።

እሁድ ጠዋት ደህና ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እመጣለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ምሳ አብረን እንበላለን። ልክ 11 ሰዓት ገደማ፣ እናቴ ቡና እያፈላች፣ ሆዴን ባር ባር ማለት ይጀምረዋል። ሰው ሲያወራኝ አልሰማም። ሌሊት እስከ 7 ሰዓት እገላበጣለሁ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባ አለን። ሥራ አስኪያጃችን የተሰብሳቢ ሂሳብ ዝርዝሩን ይዘው ‹እከሌ ለምን አልከፈለም?› እያሉ ሰው ሁሉ ፊት ይጠይቁኛል። እሁድ ማታም ቴሌግራም ላይ ድምፅ ይልካሉ። ሰኞ ከምሳ በኋላ ግን ሰላም እሆናለሁ። አንዴ እሳቸው ለሁለት ሳምንት ውጭ አገር ሄደው ነበር፤ ጭንቀቱ ቀለለኝ፣ ግን ጨርሶ አልጠፋም።

ሥራውን አልጠላውም። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሳትዘጋቸው የሄደች ሂሳቦች አሉ፤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አጠራቸዋለሁ እያልኩ አለሁ። ደሞዙ ጥሩ ነው። የእናቴን መድኃኒት የምገዛው እኔ ነኝ፣ ታናሽ ወንድሜም ዩኒቨርሲቲ ነው። ጓደኞቼ ‹እሁድ ማታ የማይደብረው ማን አለ፣ ቻይው› ይሉኛል። ችግሩ እኔ ነኝ? ወይስ ልልቀቅ?»

የቀበናዋ

ሰላም የኔ እህት።

ስለ መልቀቁ እናወራለን። ከዚያ በፊት ግን ይሄ ነገር ከየት እንደሚነሳ አብረን ብናይ ደስ ይለኛል። እሁድ ማታ የሚጨንቀው ሰው «ሥራዬ አስጠላኝ» ይላል እንጂ፣ ቀረብ ብለሽ ስትጠይቂው የሚፈራው መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ሆኖ አታገኚውም። የሚፈራው አንድ ሰዓት ነው፣ ወይ አንድ ሰው ነው፣ ወይ አንድ ያላለቀ ነገር ነው። ይሄን ለይቶ ያላወቀ ሰው ሥራ ይቀይርና ከጥቂት ወር በኋላ አዲሱ ቦታም እሁድ ማታ ያው ይሆንበታል። ለይቶ ያወቀ ደግሞ ቢለቅም ቢቆይም የሚያደርገውን ያውቃል።

ጓደኞችሽ ያሉት ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። እረፍት ሲያልቅ ትንሽ መደበር የብዙ ሰው ነው። ግን መደበር ሌላ፣ ቡና ላይ ተቀምጦ የእናትን ወሬ አለመስማትና እስከ 7 ሰዓት መገላበጥ ሌላ። «ቻይው» ማለት ምንጩን አያሳይሽም፣ ዝም ብሎ ያስተኛሻል፣ እሱንም ካስተኛሽ።

ለምን ሰኞ ሳይሆን እሁድ? ሰኞ ስብሰባው ላይ ስትሆኚ ቢያንስ የምትሠሪው ነገር አለሽ። ትመልሻለሽ፣ ወረቀት ታገላብጫለሽ፣ ደንበኛ ጋ ትደውያለሽ። እሁድ 11 ሰዓት ላይ ግን ነገሩ እየመጣ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ምንም ልታደርጊው አትችይም። ሰውነት ደግሞ የሚመጣውን ነገር እስኪደርስ አይጠብቅም፣ ቀድሞ ይነሳል። ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አለ፤ ከእንቅልፍ ከነቃን በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ በአብዛኛው ሰው ላይ ከፍ ይላል። ተመራማሪዎች የሰዎችን ምራቅ እየወሰዱ ሲለኩት ይሄ ጭማሪ በሥራ ቀን ጠዋት ከእረፍት ቀን ጠዋት በልጦ አግኝተውታል። ሰውየው ገና ከአልጋው አልወረደም እኮ፣ አለቃውንም አላየም። ስለዚህ ሆድሽ ውስጥ የሚሰማሽን ነገር የምትፈጥሪው ወይም የምታካብጂው እንዳይመስልሽ። ሰውነትሽ ለሰኞ 2 ሰዓት ተኩል እየተዘጋጀ ነው። ጥያቄው ሰኞ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ምን አለ ነው።

እዚህ ላይ ደብዳቤሽ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል። ሁለት ሦስቴ አነበብኩት።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ሰላም ትሆኛለሽ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ራሱ፣ ማለትም ሂሳቡ፣ ቢሮው፣ የሥራ ባልደረቦችሽ የሚከብዱሽ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞም ረቡዕም ያው ይሆን ነበር። በሥራ ብዛት የተቃጠለ ሰው ላይ የሚታየው ሌላ ነው። እሱ ሳምንቱን ሙሉ ይደክመዋል፣ ለሥራው ግድ ማጣት ይጀምራል፣ የሚሠራው ነገር ሁሉ ዋጋ የሌለው ይመስለዋል፣ እሁድም አያሳርፈውም። ያንቺ ግን በር አለው፤ እሁድ 11 ሰዓት ይገባል፣ ሰኞ ምሳ ላይ ይወጣል። መሃል ላይ ያለው ስብሰባው ነው።

እሺ፣ ስብሰባው ከሆነ ጥፋቱ የሥራ አስኪያጁ ነው እንበል? እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያ ልል ነበር። ግን አንቺው ጽፈሽልኛል፤ እሳቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ባልነበሩበት ጊዜ ቀለለሽ እንጂ አልጠፋም። የቀለለው የእሳቸው ድርሻ ነው። የቀረውስ የማን ነው?

የኔ ግምት በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። «ሳትዘጋቸው የሄደች ሂሳቦች አሉ» ብለሽ ወዲያው ወደ ደሞዝ ገባሽ። እስቲ ልጠይቅሽ። እሁድ ማታ ስትገላበጪ ዓይንሽ ላይ የሚመጣው የሥራ አስኪያጁ ፊት ነው ወይስ እዚያ ዝርዝር ላይ ያለ አንድ የደንበኛ ስም? «እከሌ ለምን አልከፈለም?» ሲሉሽ የምትፈሪው ቁጣቸውን ነው፣ ወይስ «እከሌ ምናልባት ከፍሏል፣ እኔ ግን ማረጋገጥ አልቻልኩም» የሚለውን እውነት?

የአስመጪ ድርጅት ሂሳብ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ደንበኛው ባንክ ያስገባል፣ ስሊፑን ሳይልክ ይቀራል። ወይ ከድርጅቱ ሂሳብ ሳይሆን ከባለቤቱ የግል ሂሳብ ያስተላልፋል፣ ስሙ አይገጥምም። ወይ ሁለት ደረሰኝ አንድ ላይ ይከፍላል። ብሩም አይገጥምም። ለምሳሌ የዕቃው ዋጋ 100,000 ሆኖ ከነቫቱ 115,000 ብር ደረሰኝ ቆርጣችሁለታል እንበል፤ እሱ ዊዝሆልዲንጉን፣ ማለትም ለመንግሥት የሚያስቀረውን ግብር፣ ቀንሶ ስለሚያስገባ ስቴትመንቱ ላይ 115,000 የሚል ቁጥር ብትፈልጊ አታገኚም። እንዲህ እንዲህ እያለ ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ አንድ ቦታ ይጠራቀማል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የከፈለው ሰውዬ ባለዕዳ ሆኖ ዝርዝሩ ላይ ይቀመጣል። ያቺ ልጅ ትታልሽ የሄደችው ይሄንን ወይም ይሄን የመሰለ ነገር ከሆነ፣ ሰኞ ሰኞ የምትጠየቂው አንቺ ራስሽ በማታምኚበት ወረቀት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ደግሞ ማንንም እንቅልፍ ይነሳል፣ ሥራ አስኪያጁ መልአክ ቢሆኑ እንኳ።

ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቀጥሎ ያለው ነገር የሚያስፈልገው። የሚቀጥሉትን ሦስት እሁዶች፣ ያ ስሜት ሲጀምርሽ፣ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፊ። ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ እና በዚያች ደቂቃ ጭንቅላትሽ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ። «ሥራ» ብለሽ አትጻፊ። ስም ጻፊ፣ ቁጥር ጻፊ፣ ሰው የተናገረሽን ቃል ጻፊ። የቴሌግራም ድምፅ ከመጣ በኋላ ከሆነ የጀመረው እሱንም። ሦስት እሁድ ላይ አንድ ስም ሦስቴ ከመጣ መልሱን አገኘሽ። በየሳምንቱ የተለያየ ነገር ከመጣ ደግሞ የኔ ግምት ልክ አይደለም፣ መልሰሽ ጻፊልኝ።

ግምቴ ልክ ከሆነ ግን፣ «አንድ ቀን ቁጭ ብዬ» የሚባለው ቀን አይመጣም። ዓመት ከአራት ወር አልመጣም። ልግመኛ ስለሆንሽ አይደለም፤ የዕለቱ ሥራ አለ፣ ቫት ማሳወቂያ አለ፣ ደሞዝ መሥሪያ አለ፣ የቆየው ሂሳብ ደግሞ ማንም በቀን ገደብ አይጠይቅሽም። ስለዚህ ሁሉንም አታስቢው። ትልልቅ ቀሪ ሂሳብ ያለባቸውን አምስት ደንበኞች ብቻ ምረጪ። ያለፈውን ሰው ዘመን የባንክ ስቴትመንት አትሚና ባለቤት ያልተገኘላቸውን ገቢዎች ከእነዚህ አምስት ሰዎች ደረሰኝ ጋር አስተያዪ። ቁጥሩ ልክ እስኪገጥም አትጠብቂ። ዊዝሆልዲንግ ሲቀነስ፣ ሁለት ደረሰኝ ሲደመር ምን ይመጣል እያልሽ ሞክሪ። ከዚያ ለየደንበኛው የሂሳብ መግለጫ ላኪና «በእኛ መዝገብ ይሄ ቀሪ አለብዎት፣ የከፈሉበት ስሊፕ ካለ ይላኩልኝ» በይ። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ፎቶው አለው። በቀን አንድ ሰዓት፣ ጠዋት ስልክ ሳይበዛ። በአንድ ቁጭታ አያልቅም፣ ግን ከመጀመሪያው ደንበኛ በኋላ ሰኞ ላይ ቢያንስ ለአንድ ስም እርግጠኛ መልስ ይኖርሻል።

አሁን ከባዱ ነገር። ለሥራ አስኪያጅሽ መንገር አለብሽ። ይሄን ሳነሳ ሆድሽ እንደሚገለባበጥ አውቃለሁ። ግን እስካልነገርሻቸው ድረስ እሳቸው በየሰኞው የሚጠይቁሽ ዝርዝሩ ልክ ነው ብለው ነው።

ሰኞ አትንገሪያቸው፣ ስብሰባ ላይ ጭራሽ። ረቡዕ ይሻላል፣ ከምሳ በኋላ፣ ለብቻቸው። ባዶ እጅሽንም አትግቢ። አንድ ገጽ ወረቀት ያዢ፤ ባለቤት ያልታወቀለት ገቢ ስንት እንደሆነ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የትኞቹን አምስት ደንበኞች ልታጣሪ እንደጀመርሽ ይበቃል። ንግግሩም አጭር ይሁን፦ «ስለ ተሰብሳቢው ላማክርዎ ፈልጌ ነበር። ሥራውን ስረከብ ባለቤታቸው ያልተለዩ ገቢዎች ነበሩ፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ውስጥ ከፍለው ሊሆን የሚችሉ ደንበኞች አሉ። ዝርዝሩ ይኸውልዎት። ትልልቆቹን አምስት በዚህ ወር አጣርቼ እጨርሳለሁ። እስከዚያ ያልተጣሩትን ሰኞ ላይ ለብቻ ብንይዛቸው ጥሩ ነው፣ የከፈለ ሰው ደውለን እንዳናስቀይም።»

«እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?» ማለታቸው አይቀርም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሽበት፤ ስለቀድሞዋ ልጅ ያወራል፣ ስለ ሥራ ብዛት ያወራል፣ ሲያወራ ሲያወራ ጥፋተኛ ይመስላል። አንቺ «ቶሎ የማጠራው መስሎኝ ነበር፣ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ» በይና ወደ ወረቀቱ ተመለሺ። ያንን ወረቀትም ማታ በኢሜይል ላኪላቸው፣ ቀኑ እንዲመዘገብልሽ።

ከዚያ የሚመልሱልሽን በደንብ አዳምጪ። ስለ ሥራሽ ያለሽ ጥያቄ የሚመለሰው ከእሁዱ ሆድ ሕመም ይልቅ በዚያ ረቡዕ ነው ብዬ አምናለሁ። ተቆጥተውም ቢሆን «እሺ፣ እንዴት ነው የምናጠራው?» ካሉ፣ ያለሽበት ቦታ የሚሠራበት ቦታ ነው። ቁጡ ሰው ሁሉ መጥፎ አለቃ አይደለም። «እኔ አላውቅም፣ ሰኞ ገንዘቡን አምጪ» ብለው በሚቀጥለው ሰኞ እነዚያኑ ስሞች ሰው ፊት ከጠየቁሽ ግን፣ ያኔ ችግሩ ያልተጣራው ሂሳብ ብቻ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። መረጃ ሰጥተሻቸው መረጃውን ያልፈለጉ ሰው ናቸው። እዚያ ቤት የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኚ እሁድሽ አይመለስም።

ስለ ቴሌግራሙ ባጭሩ። እሁድ ማታ የሚላከው ድምፅ መልስ የሚፈልግ ነው ወይስ እሳቸው እንዳይረሱት የሚናገሩት? ብዙ አለቃ ሰኞ የሚጠይቀውን ነገር እንዳይረሳ ብሎ ይልካል፣ እዚያ ማዶ ያለው ሰው እንቅልፍ እንደሚያጣ ትዝ አይለውም። ረቡዕ ስትነጋገሩ «እሁድ የሚልኩልኝን ሰኞ 2 ሰዓት ላይ ሰምቼ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት መልሱን ይዤ እቀርባለሁ» ማለት ትችያለሽ። ይሄ እምቢታ የለበትም፣ ሰዓት ማስያዝ ነው። ከዚያ የእሳቸውን ቻት እሁድ ድምፁን አጥፊው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ያልተቆራረጠ ሰዓት እረፍት አለው፣ መደበኛው ሥራም በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ይሄን ጠቅሰሽ እንድትከራከሪያቸው አልመክርም፣ ለአሁኑ አይጠቅምሽም። እሁድ ማታ ስልክ ባለማንሳትሽ ግን ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።

ሌላው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ከመሮጥሽ በፊት የመጨረሻዋን ሃያ ደቂቃ ለራስሽ ያዢ። ያላለቀውን ሁሉ ጻፊ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ ሰኞ መጀመሪያ የምታደርጊውን። «ተሰብሳቢ» ብቻ ከሆነ አይጠቅምም። «ለእነ እከሌ ደውዬ የጥርን ስሊፕ መጠየቅ» ሲሆን ነው ጭንቅላት የሚለቅሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ያልጨረሱት ነገር ሐሳባቸውን እየወሰደ ያስቸገራቸው ሰዎች፣ ሥራውን ሳይጨርሱ እንኳ መቼና እንዴት እንደሚሠሩት ለይተው ሲያቅዱ፣ ነገሩ አእምሯቸው ውስጥ መመላለሱን ቀንሷል። ሌላ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉ ሰዎች፣ የሠሩትን ከጻፉት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቷል። ዘጠኝ ደቂቃ ተአምር አይደለም። ያለ መድኃኒት፣ በአንድ እስክሪብቶ ግን ምንም አይልም። ወረቀቱን ቢሮ ተዪው። ቤት ይዘሽው ከሄድሽ እሁድ ታገላብጪዋለሽ።

ቡናውን ሳላነሳ አላልፍም፣ እናትሽ ይቅር ይበሉኝ። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። 11 ሰዓት ላይ አቦልና ቶና ከጠጣሽ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደምሽ ውስጥ አለ። የተጨነቀ ልብ ላይ ቡና ሲጨመር ልብ ምቱ የጭንቀቱ ይሁን የቡናው አይለይም። ቡናው ይቅር አላልኩም። ከምሳ ወዲያው፣ 8 ሰዓት ላይ ይፈላ። ምናልባት አሁን ቡናው ከጭንቀቱ ጋር አንድ ሰዓት ላይ ስለገጠመ፣ ጭሱ ሲሸትሽ ራሱ ሰኞን ማስታወስ ጀምረሽ ይሆናል፤ ሰዓቱ ሲቀየር ያም ይላቀቃል። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ከቤት ውጪ። ከቀበና አራት ኪሎ ድረስ በእግር ሄደሽ ብትመለሺ፣ ወንድምሽ እረፍት ላይ ከሆነ ከእሱ ጋር፣ ያ ክፉ ሰዓት ቁጭ ብለሽ አያገኝሽም። የልብስ ማጠቡንም ከተቻለ ቅዳሜ ከሰዓት አድርጊው። እሁድን ያጠበበብሽ ሥራው ብቻ አይመስለኝም፤ በአንድ ቀን ቤተ ክርስቲያንም፣ ቤትም፣ ዘመድ ጥየቃም፣ ለቅሶም ሲገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን «እኔ መች አረፍኩ?» ማለት ይመጣል።

ይሄን ሁሉ ሁለት ወር ስጪው። ረቡዕ ተነጋግረሽ፣ ሂሳቡ መጥራት ጀምሮ፣ ቡናው ተስተካክሎ፣ እሁድሽ ያው ከሆነ ወይም እንዲያውም ቅዳሜ መጀመር ካመጣ፣ ለመውጣት ተዘጋጂ። መዘጋጀት ስል ነገ ደብዳቤ ማስገባት አይደለም። እናትሽ መድኃኒት አላቸው፣ ያንን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ የእሳቸው የመድኃኒትና የቤት ወጪ ለሦስት ወር የሚሆን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጪ። ሌላ ቦታ ማመልከት ጀምሪ፣ ሥራ ላይ እያለሽ መፈለግ ሳትጨነቂ ለመደራደር ይረዳል። ለመልቀቅ አዋጁ የሚጠይቅሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው፣ በጽሑፍ። ያላለቀ የዓመት ፈቃድ ካለሽም ሰው ኃይል ጠይቂ፣ ስትለቂ በገንዘብ ሊታሰብልሽ ይገባል። አምስቱን ደንበኞች አጣርተሽ ብትወጪ ደግሞ ለአንቺም ይሻልሻል፣ ቀጥሎ ለሚመጣውም።

አንድ ነገር ለብቻው ልንገርሽ፣ ከሥራው ጋር አታደባልቂው። ጭንቀቱ ሰኞ ምሳ ላይ መውጣቱን ካቆመ፣ አብዛኛውን ቀን እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ቤተ ክርስቲያንም ጓደኛም ደስ የማይልሽ ከሆነ፣ ይሄም ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሁለት ወር አትጠብቂ። ሐኪም ጋ ሂጂ። ባቅራቢያሽ ካለ ጤና ጣቢያ ብትጀምሪ ይልኩሻል፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አለ። መኖር የማስጠላት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያኑ ቀን ለአንድ ሰው ተናገሪና ሂጂ። በደብዳቤሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፣ ግን በደብዳቤ ሁሉም አይጻፍም።

«ችግሩ እኔ ነኝ?» ላልሽው፣ እኔ የማየው ርክክብ ሳይደረግለት ሥራ የተሰጠውን ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ከተጠራሽ፣ ደሞዙን ከማውራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ከእኔ በፊት ማን ነበር፣ ለምንስ ለቀቀ? የባንክ ማስታረቂያው እስከ የትኛው ወር ተሠርቷል? ርክክቡ በጽሑፍ ነው፣ ያልተጣሩ ሂሳቦች ዝርዝር ተፈርሞ ይሰጠኛል? ሦስተኛውን ሲሰሙ ፊታቸው ከተለወጠ እዚያ ቤት አትግቢ።